ለላሞቼ መካሪ የፈለግኩበት መንገድ፣ ለመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎችም ያዘጋጀሁት

የምኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን በግቢዬ ውስጥ የተዳቀሉ የወተት ላሞችን አረባለሁ። ሥራውን እንደ አዲስ የጀመርኩት በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ከተማችን ደርሶ ካለፈ በኋላ፣ ቀድሞ የነበረኝ ከእጄ በወጣበት ጊዜ ነው። በብድርና በዘመድ እርዳታ ሁለት ላሞች ገዛሁ። አንደኛዋ በሰላም ወልዳ፣ ታልባ፣ በጊዜዋ እንደገና ያዘች። ሁለተኛዋ ግን ደጋግማ ብትዳቀልም አልያዘችም። ላም ካልወለደች ወተት የለም፤ እርግዝናዋ ወደ ዘጠኝ ወር ገደማ ስለሚወስድ በየዓመቱ እንድትወልድ ከተፈለገ ከወለደች በሦስት ወር አካባቢ መያዝ ይኖርባታል። የእኔዋ ያ ጊዜ አልፏት ወተቷ እየጎደለ ሲሄድ፣ የፉርሽካውና የፋጉሎው ወጪ ግን አንድም ቀን አልቀነሰም። የብድሩን ክፍያ የሚሸፍነው ደግሞ ያ ወተት ነበር።

ይህን የምጽፈው መካሪ እንደሚያስፈልጋቸው እያወቁ ማንን፣ እንዴት፣ ምን ይዘው እንደሚጠይቁ ለተቸገሩ ጀማሪዎች ነው። ምሳሌዬ የላም እርባታ ስለሆነ በላም እርባታ እናገራለሁ።

ሰው መፈለግ ከመጀመሬ በፊት የጠቀመኝ ችግሬን ለሦስት መክፈሌ ነው። ላሟ ከታመመች የሚያስፈልገኝ የእንስሳት ሐኪም ነው። ስለ መኖ አዘገጃጀት፣ ስለ ክትባትና ስለ ዝርያ ማሻሻል የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያስረዳኛል። መካሪ የሚያስፈልገው ግን እነዚህ ሁለቱ ለማይመልሱት ነው፤ ማለትም በሁለት ላም፣ በተበደረ ገንዘብ፣ በእኛ ከተማ ገበያ ውስጥ ሆኖ በየቀኑ ለሚወሰነው ውሳኔ ነው፤ ይህን የሚመልሰው ራሱ ኖሮበት ያለፈ ሰው ነው። «ይህችን ላም ልሽጣት ወይስ አንድ ዙር ልታገሣት?» የሚለው ጥያቄዬ የዚህ ዓይነት ነበር። መካሪን እንደ ነፃ ሐኪም ማየት ሁለቱንም ወገን ይጎዳል፤ መካሪው የማያውቀውን መድኃኒት ይገምታል፣ እናንተም በግምት ላም ታክማላችሁ።

ሰዎች መጀመሪያ የጠቆሙኝ በከተማው ዝናው የወጣ አርቢ ነበር። ሄድኩ፣ በደንብ ተቀበለኝ፣ ላሟንም ሳያይ ምክሩን ሰጠኝ፤ ላሟን አውጥቼ ጊደር እንድገዛ ነገረኝ። ጊደሮቹን የሚሸጠው ግን ራሱ ነበር። ምክሩ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ አንዳንዴ የማትይዝ ላምን መሸጥ ትክክል ነው። ሆኖም የሚመክረኝ ሰው ከውሳኔዬ ገንዘብ የሚያገኝ ከሆነ ምክሩንና ንግዱን መለየት የምችልበት መንገድ አልነበረኝም። ስለዚህ እናንተም ማንንም ከመቅረባችሁ በፊት ይህ ሰው ላም፣ መኖ ወይም መድኃኒት ይሸጥልኝ ይሆን ብላችሁ አጣሩ። የሚሸጥ ከሆነ ደንበኛው ሁኑ፤ መካሪ ግን ሌላ ፈልጉ።

ከዚያ በኋላ ዝነኛ መፈለግ ትቼ የሥራው ውጤት የሚታይበትን ሰው መፈለግ ጀመርኩ። በላም እርባታ ውስጥ ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው የማዳቀል ባለሙያው ነው፤ ምክንያቱም በየግቢው ስለሚገባ የማን ላም በአንድ ጊዜ እንደምትይዝ፣ የማን ላም ደጋግማ እንደምትመለስ ያያል። እርሱን «ከምትሄድባቸው ቤቶች ላሞቻቸው በየዓመቱ የሚወልዱት የማን ናቸው?» ብዬ ጠየቅኩት። የመኖ ነጋዴዋንም በዱቤ ሳይሆን በእጅ በእጅ የሚገዛ አርቢ ማን እንደሆነ ጠየቅኳት፤ እርሷ የምታውቀው የማን ሥራ ራሱን እንደቻለ ነው። ከሁለቱም አፍ የወጣው አንድ ስም ነበር፤ በሰፈሩ ሁሉ «ሐጂ» ተብለው የሚጠሩ፣ አምስት ላም ያላቸው አዛውንት።

አምስት ላም መሆኑ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ሃምሳ ላም ያለው ሰው ሠራተኛ፣ የመኖ መጋዘንና የራሱ ሐኪም ስላለው ውሳኔው ከእኔ ጋር አይገናኝም። ቦታውም መመሳሰል አለበት። ደሴ ከእኛ ብዙም ባትርቅ ከፍታዋ 2500 ሜትር አካባቢ ነው፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1850 ሜትር ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች። ሙቀት የላምን አበላልና ኮርማ የመፈለግ ምልክቷን ይለውጣል። መኖውም ቢሆን ይለያያል፤ እዚህ ከቢራ ፋብሪካው የሚወጣውን የብቅል አተላ በቅርብ እናገኛለን፣ ራቅ ያለ አርቢ ግን ማጓጓዣው ዋጋውን ይበላበታል። እናንተን አንድ ሁለት እርምጃ የቀደመ፣ በእናንተው አየርና በእናንተው ገበያ የሚሠራ ሰው ፈልጉ።

አቀራረቡን በተመለከተ ወሎ ውስጥ በማያውቁት ትልቅ ሰው በር ላይ በድንገት መቆም አይመከርም። የማዳቀል ባለሙያው አስቀድሞ እንዲነግርልኝ ለመንኩት፤ ይሁንና እርሱ ስሜንና ችግሬን ብቻ እንዲጠቅስ፣ ጥያቄውን ግን ራሴ እንዳቀርብ ተስማማን። አማላጅ በር ያስከፍታል፤ ጥያቄውንም አማላጁ ካቀረበው ግን ሰውዬው እሺ የሚሉት ለአማላጁ ይሉኝታ ነው፣ እንዲህ ያለ እሺታ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀጠሮ አያልፍም። ሰዓቱንም መረጥኩ። ላም የሚታለበው ንጋት 12 ሰዓት ገደማና ከሰዓት በኋላ ወደ 11 ሰዓት ስለሆነ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የአርቢ ቤት ፋታ አለው። ዓርብን ለጁምዓ ሶላት ስል ተውኩት። ሴት ስለሆንኩ ደግሞ ባለቤታቸው ቤት በሚኖሩበት ቀን እንዲሆን አስቀድሜ አስጠየቅኩ፤ ይህ ለሥርዓት ብዬ ያደረግኩት ነገር ከጠበቅኩት በላይ እንደጠቀመኝ በኋላ እነግራችኋለሁ።

በር ላይ የተናገርኩትን ቃል በቃል ልጻፍላችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። «ሐጂ፣ የማዳቀል ባለሙያው ስለ እርስዎ ነግሮኝ ነው የመጣሁት። ሁለት ላሞች አሉኝ፤ አንዷ ሦስት ጊዜ ተዳቅላ አልያዘችም። የተዳቀለችበትን ቀን ጽፌ ይዣለሁ፤ እሱን አይተው ልሽጣት ወይስ ልታገሣት የሚለውን እንዲመክሩኝ ነው። ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል። ዛሬ ካልተመቸዎት ወይም እንዲህ ያለ ነገር የማይመቸዎት ከሆነ አልቀየምም።» ልብ ብላችሁ ካያችሁት ማን እንደላከኝ፣ አንድ ጥያቄ፣ የሚወስደው ጊዜና እምቢ ለማለት የሚያስችል መውጫ አለበት። «መካሪ ይሁኑኝ» የሚል ቃል የለበትም። አሁን እኔ ጋ የሚመጡ ወጣቶች ብዙ ጊዜ «ከእርስዎ ብዙ መማር እፈልጋለሁ» ብለው ይጀምራሉ፤ ልባቸው ቅን ነው፣ ግን ከየት ልጀምርላቸው? መቼ እንደሚያልቅ የማይታወቅ ነገር የተጠየቀ ሰው ደግሞ ይሸሻል። ለአንድ ጥያቄ ግማሽ ሰዓት መስጠት ማንንም አይከብድም።

ገንዘብ አላቀረብኩም፤ ለትልቅ ሰው ያሳፍራል። ቡናና ስኳር ይዤ ገባሁ። ከዚህ በላይ ግን ያስደሰታቸው ጫማዬ ነበር። ከአንድ በረት ወደ ሌላ በረት የሚሄድ ሰው የአፍና የእግር በሽታን በጫማውና በልብሱ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ በረት ያልገባሁበትን ልብስ ለብሼ፣ የታጠበ ጫማ አድርጌ ሄጄ ነበር፤ በረታቸው ሳልጋበዝም አልገባሁም። በሌላ ሙያም ቢሆን የሰውየውን ሥራ የሚጎዳው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ የእንግዳው ድርሻ ነው።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ ያዘጋጀሁት አንድ ወረቀት ብቻ ነው። በላዩ ላይ ላሟ መቼ እንደወለደች፣ በቀን ስንት ሊትር ትሰጥ እንደነበርና አሁን ስንት እንደምትሰጥ፣ ጠዋትና ማታ የምትበላው በኪሎ፣ የተዳቀለችባቸው ቀናት፣ ከእነዚህም ሌላ ኮርማ ስትፈልግ ያየሁበት ቀን ሰፍሯል። ችግርን በወሬ ማስረዳት ሰዓቱን ይጨርሳል፤ ወረቀቱ ግን መካሪው እናንተ ያላያችሁትን እንዲያይ ያስችለዋል። የሆነውም ይኸው ነው።

ወረቀቱ ላይ የማዳቀያ ቀኖቹ መስከረም 10፣ ጥቅምት 22 እና ኅዳር 13 ነበሩ፤ ታኅሣሥ 4 ደግሞ ኮርማ ፈልጋ ተስፋ ቆርጬ ሳላስዳቅላት አልፏል። ሐጂ ስለ መሸጡ ምንም ሳይናገሩ በቀኖቹ መካከል ያለውን ልዩነት ያሰሉ ጀመር። ላም በአማካይ በየ21 ቀኑ ኮርማ ትፈልጋለች፤ አንዷ ላም ትንሽ ልትቀድም ወይም ልትዘገይ ትችላለች። ከመስከረም 10 እስከ ጥቅምት 22 ያለው 42 ቀን ነው፤ ሁለት ዙር ማለት ነው። «በመካከሉ ጥቅምት 1 አካባቢ ፈልጋለች፤ አንቺ አላየሻትም» አሉኝ። ከጥቅምት 22 እስከ ኅዳር 13፣ ከዚያም እስከ ታኅሣሥ 4 ያለው ግን ልክ 21፣ 21 ነው። ላሟ ዙሯን አልሳተችም። የተሳተው የማዳቀያው ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ቀጥለውም ምልክቱን ስንት ሰዓት እንዳየሁ፣ ባለሙያውስ ስንት ሰዓት እንደደረሰ ጠየቁኝ። ኅዳር 12 ወደ ማታ ነበር ያየሁት፤ ባለሙያውን የጠራሁት በማግስቱ ሲሆን የደረሰው ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት አካባቢ ነው። አርቢዎች የሚይዙት ደንብ ደግሞ ጠዋት የታየች ላም የዚያኑ ቀን ማታ፣ ማታ የታየች በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች የሚል ነው። የእኔዋ ከሰዓቷ አልፋ ነበር የተዳቀለችው። «አብሽሪ፣ ላሟ ደህና ትመስላለች። ገና አትሽጫት» አሉኝ። ግን እዚያ ላይ አላቆሙም። ሦስት ጊዜ ተዳቅላ ያልያዘች ላም የማኅፀን ችግር ሊኖርባት ስለሚችል ከሚቀጥለው ዙር በፊት ሐኪም እንዲያያት፣ የደፈረሰ ወይም የሚሸት ፈሳሽ ካየሁ ደግሞ ጭራሽ እንዳላስዳቅላት አስጠነቀቁኝ። መካሪን ከምለይባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ የእርሱ እውቀት የት ላይ እንደሚያበቃ ይነግራችኋል። ልዩነቱ ወደ 21ም ወደ 42ም የማይጠጋ የተዘበራረቀ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ የሰዓት ብቻ ላይሆን ይችል እንደነበርም ጨምረው ነገሩኝ።

የላሟ ቀጣይ ዙር ታኅሣሥ 25 አካባቢ ስለሚሆን ከ22 ጀምሬ እንድጠብቃት ቀጠሩኝ። እኔም ከመነሳቴ በፊት የተባለውን በራሴ አነጋገር መልሼ ነገርኳቸው፤ ሐኪም ማስመርመር፣ ከ22 ጀምሮ መጠበቅ፣ ሰዓቱን መጻፍ። አንዱን ተሳስቼ ይዤው ስለነበር እዚያው ታረመ። ይህን ሁልጊዜ አድርጉ፤ ቤት ደርሶ «ማታ ነው ወይስ ጠዋት ያሉኝ?» ከማለት ያድናል።

ባለቤታቸውን በተመለከተ የገባሁትን ቃል ልፈጽም። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ «ላሞችሽን ታስረው ነው የምታውያቸው?» ብለው የጠየቁኝ እትዬ ናቸው። አዎ፣ ጠባብ ግቢ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ታስረው ይውላሉ። ዋናው ምልክት ደግሞ ሌላ ላም ስትወጣባት ላሟ ሳትሸሽ ቆማ መቀበሏ ነው፤ የታሰረች ላም ይህን ልታሳይ አትችልም። በሞቃት ቦታ ደግሞ ምልክቱ በአብዛኛው ሌሊትና ንጋት ላይ፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ይታያል። ሁለቱን ላሞች ንጋትና ምሽት ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈትቼ እንዳያቸው፣ የተጣበቀ የጠራ ልጋግ፣ ያለ ምክንያት መጮህና የወተት መጉደልም እንድከታተል ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። የሚያልቡትም፣ ንጋት ላይ ወደ በረት የሚወጡትም እትዬ ነበሩ። ለካስ ስማቸው የወጣው ሐጂ ቢሆኑም የእጅ ሥራው እውቀት ከእትዬ ጋር ነበር። ወደ መካሪ ቤት ስትገቡ ሥራውን በእጁ የሚሠራው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ለእርሱም ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ።

ሐኪሙ ላሟን አይቶ ማኅፀኗ ደህና እንደሆነ ነገረኝ። ታኅሣሥ 25 ንጋት ላይ ምልክቱን አየሁ፤ ስልክ ደወልኩ፣ የዚያኑ ቀን ማታ ተዳቀለች።

ለሁለተኛው ቀጠሮ አዲስ ጥያቄ አልያዝኩም። የሄድኩት የተባልኩትንና ያደረግኩትን ለመናገር ነበር። ያው ወረቀት ላይ የሰዓት ረድፍ ጨምሬበት፣ ያልሆነልኝንም አብሬ አቀረብኩ፤ ግቢዬ ስለሚያንስ ምሽት ላይ ላሞቹን መፍታት ያልቻልኩባቸው ቀናት ነበሩ። ሐጂ ለዚህ ጎረቤቴ ባዶ ግቢ ካለው በኪራይ ወይም በእበት ልውውጥ እንድጠይቅ መከሩኝ፤ በእበት ተስማማን። ውጤቱ ገና ባይታወቅም መመለስ ያስፈልጋል። ምክር ሰጥቶ ምን እንደተደረገበት ሳይሰማ የቀረ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ አይደክምም፤ በዚያው ሳምንት የተመለሰ ጠያቂን ግን ራሱ ይጠብቀዋል። ግንኙነታችን ከአንድ ጥያቄ ወደ ምክር የተሻገረው በዚህኛው ቀን ነው፤ ስነሣ «ጥር 16 አልፎ ካልፈለገች ንገሪኝ» ያሉኝ እርሳቸው ናቸው። ቀኑ አለፈ፣ አልፈለገችም። ይህ ብቻውን መያዟን አያረጋግጥምና ሁለት ወር ተኩል ሲሞላት ሐኪሙ ዳሶ አረጋገጠልኝ።

በሦስተኛው ቀጠሮ ስለ አካሄዳችን በግልጽ ተነጋገርን። ቀላል ባይሆንም ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ በወር አንድ ጊዜ ረፋድ ላይ እንድመጣ፣ ላም ኮርማ ስትፈልግ ወይም ምጥ ሲይዛት ብቻ እንድደውል፣ ገንዘብ ብድር እንዳልጠይቅ፣ የእርሳቸውን የወተት ደንበኞች ሳላስፈቅድ እንዳልቀርብ ተስማማን። የመጨረሻው ነጥብ በተለይ መነገር አለበት። መካሪያችሁ በአንድ ከተማ የሚሠራ ከሆነ ተፎካካሪውም ናችሁ፤ ይህ ካልተነገረ ጥርጣሬ ይገባል። በዚያው ቀን ስለ መጪው ዐቢይ ጾም አነሳሁ። ጾሙ 55 ቀን ስለሆነ ክርስቲያን ደንበኞቼ ወተት ያቆማሉ። ሐጂ ዋጋ እንድቀንስ አልመከሩኝም፤ ከጾሙ አስቀድሜ ሙስሊም ቤተሰቦችንና ሻይ ቤቶችን እንዳነጋግር፣ የሚተርፈውን ደግሞ ንጬ ቅቤውን ለፋሲካ ገበያ እንዳቆይ ነገሩኝ። ኮምቦልቻ ሁለቱም እምነቶች ጎን ለጎን የሚኖሩባት ከተማ በመሆኗ ይህ ምክር ይሠራል፤ ሌላ ቦታ ላይሠራ ይችላል።

ነገሩ የማይሄድ ከሆነ ምልክቶቹ ቶሎ ይታያሉ። ወረቀታችሁን ሳያይ የሚመልስ፣ «እኔ እንዳልኩሽ ብቻ አድርጊ» እያለ ምክንያቱን የማይነግር፣ ወይም ከየጉብኝቱ በኋላ የሆነ ነገር እንድትገዙ የሚያደርግ ሰው ከሆነ ምስጋናችሁን አቅርባችሁ ጉብኝቱን አራርቁት። ከእናንተ በኩል ደግሞ ሰውየውን የምታስታውሱት ችግር ሲደርስ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የእናንተ ነው። ላሟ በመስከረም መጨረሻ በሰላም ስትወልድ መጀመሪያ የደወልኩት ለሐጂና ለእትዬ ነበር፤ እንገሩን ይዤላቸው ሄድኩ።

እምቢ ከተባላችሁ አትለምኑ። «እርስዎ ባይመችዎት ማንን ላነጋግር?» ብላችሁ ጠይቁና ውጡ። እምቢ ያለ ሰው ይህን ለመመለስ ፈቃደኛ ነው፤ የሚጠቁመውም ብዙ ጊዜ እንደ እናንተው በሁለትና በሦስት ላም የጀመረ ሰው ነው።